ከመጀመሪያዋ ግማሽ ክኒን በፊት

ወጣቱ 29 ዓመቱ ነው፤ ከእህቱ ጋር ገርጂ ይኖራል። ታሪኩን በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራ ካየናቸው ታካሚዎች ቆራርጬ የሰፋሁት ስለሆነ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም። ቁጥሮቹ ግን በየሳምንቱ ጠረጴዛችን ላይ የሚመጡ ዓይነት ናቸው። ሃሎፔሪዶል ከዓመት በላይ ወስዷል፤ ቀጥሎ ሪስፔሪዶን በበቂ መጠን ከሁለት ወር በላይ ተሞክሯል፤ በመካከል ሞዲኬት መርፌም ነበረ። ድምፆቹ አልተዉትም። የአእምሮ ሐኪሙ ክሎዛፒን ይጀመር ብለው ጻፉና ለደም ምርመራ ላኩት። ውጤቱ ሲመጣ በሠፈሩ ያየው ባለሙያ ካርዱ ላይ ሁለት ቃል አሰፈረ፦ «ክሎዛፒን አይቻልም»።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ሁለት ቃል ነው። በጤና ጣቢያና በግል ክሊኒክ ለምትሠሩ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖች፣ ጠቅላላ ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች ነው የምጽፈው። ክሎዛፒንን የሚያዘው የአእምሮ ሐኪም ነው፤ ታካሚው ግን አማኑኤል ወይም የካ ኮተቤ ሆስፒታል ቀጠሮው ካለቀ በኋላ ቀሪዎቹን ቀናት የሚያሳልፈው እናንተ ዘንድ ነው። ትኩሳት ሲይዘው የሚመጣው ወደ እናንተ ነው፤ ሆዱ ሲደርቅም የሚጠይቀው እናንተን ነው።

ወደ ደሙ ልመለስ። ወረቀቱ ላይ `WBC` 3.3፣ `NEU%` 39 ይላል። ማሽኑ የሚቆጥረው በሺህ ስለሆነ 3.3 ማለት በአንድ ማይክሮሊትር 3,300 ነጭ የደም ሴል ነው። የዚህ 39 በመቶ 1,287 ይሆናል። ክሎዛፒንን በተመለከተ የምንመለከተው ይህን የኒውትሮፊል ቁጥር እንጂ የነጭ ደም ሴሉን ድምር አይደለም። አንዳንድ ማሽኖች ሴሎቹን በሦስት ብቻ ስለሚከፍሉ በ`NEU#` ፋንታ `GRAN#` ብለው ያትማሉ። እሱ ኢዮሲኖፊልንም ጨምሮ ስለሚቆጥር ቁጥሩን ትንሽ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ወሰኑ አጠገብ ያለ ሰው ከሆነ በአምስት የሚከፍል ማሽን ወዳለበት ላቦራቶሪ መላክ ወይም ስላይዱ በእጅ እንዲቆጠር መጠየቅ ይሻላል።

በብዙ አገር መመሪያ ክሎዛፒን ለመጀመር የሚጠየቀው 1,500 ነው። ይህ ጥንቃቄ ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 ፊንላንድ ውስጥ መድኃኒቱን የሚወስዱ ሰዎች ኒውትሮፊላቸው ድንገት አልቆ ስምንቱ ሞቱ፤ መድኃኒቱም በብዙ አገር ከገበያ ወጣ። የተመለሰው ሌላ መድኃኒት እምቢ ያላቸውን ሕመምተኞች እንደሚረዳ እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣ ጥናት ከታየ በኋላ ነው፤ ያውም ደም እየተመረመረ ብቻ። ችግሩ 1,500 የተባለው ወሰን የተቀመጠው ተፈጥሯዊ ቁጥራቸው ከእኛ ከፍ ያለ ሰዎችን በማየት መሆኑ ነው። ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ ሕዝቦች ብዙዎቹ፣ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ፣ ፍጹም ጤነኛ ሆነው የኒውትሮፊል ቁጥራቸው ዝቅ ያለ ነው። ይህ በአብዛኛው ዳፊ ከተባለው የቀይ ደም ሴል ምልክት አለመኖር ጋር ይያያዛል፤ የቫይቫክስ ወባን የሚከላከለው ያው ባሕርይ ነው። መቅኔያቸው በደንብ ያመርታል፤ በኢንፌክሽንም ከሌላው ሰው በላይ አይጠቁም። ዝቅ ብሎ የሚታየው በደም ሥር ውስጥ የሚዞረው ቁጥር ብቻ ነው።

ለእነዚህ ሰዎች የአሜሪካ የመድኃኒት መግለጫ ሌላ ወሰን ይሰጣል፤ መነሻው 1,000 ነው፤ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተለክቶ። ታዲያ «ኢትዮጵያዊ ነው፤ ይለፍ» ማለትም አይደለም። ለወጣቱ የተደረገው እንዲህ ነው። ከስምንት ቀን በኋላ፣ የመጀመሪያው ደም በተወሰደበት የከሰዓት ሰዓት ገደማ፣ ደሙ እንደገና ተወሰደ፤ ኒውትሮፊል ጠዋት ዝቅ ስለሚል የጠዋትን ቁጥር ከከሰዓት ጋር ማነጻጸር ያሳስታል። 1,332 መጣ። ሄሞግሎቢኑና ፕላትሌቱ ደህና ነበሩ፤ የኤችአይቪ ምርመራው ነፃ ነው፤ ስፕሊኑ አላበጠም፤ በተደጋጋሚ ቁስል ወይም የሳንባ ምች ታሞ አያውቅም። መቅኔን የሚጫን መድኃኒት፣ በተለይ ካርባማዜፒን፣ አይወስድም። ካርባማዜፒን ቢሆን ኖሮ ክሎዛፒኑ ከመጀመሩ በፊት መውጣት ነበረበት። ከሁሉ የበለጠ የረዳን ግን እህቱ ከቁም ሣጥን ፈልጋ ያመጣችው ወረቀት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለሥራ ወደ ውጭ ለመሄድ ሲሞክር ያደረገው የጤና ምርመራ ላይ ኒውትሮፊሉ 1.4 ነበር፤ ምንም መድኃኒት ሳይነካ። የእርሱ ቁጥር ይህ ነው ማለት ነው። ሐኪሙ ከደም ስፔሻሊስት ጋር ተነጋግረው ካርዱ መጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ጻፉት፦ መነሻ 1,300፤ ከ1,000 በላይ ቀጥል፤ ከ500 እስከ 999 ደም በሳምንት ሦስት ጊዜ፤ ከ500 በታች አቁምና ወዲያው አስተኛ። ይህ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ካልተጻፈ፣ በስድስተኛው ሳምንት ተረኛ የሆነ ሰው `L` የሚለውን ፊደል አይቶ መድኃኒቱን ያቆማል።

የምርመራው ድግግሞሽ ከአገር አገር ይለያያል። አሜሪካኖች ለስድስት ወር በየሳምንቱ፣ ለሚቀጥለው ስድስት ወር በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ ይላሉ። እንግሊዞች ሳምንታዊውን በ18ኛው ሳምንት ጨርሰው፣ እስከ ዓመቱ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ በየአራት ሳምንቱ ሲያደርጉት ቆይተዋል። አደጋው የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ 18 ሳምንታት ውስጥ ስለሆነ ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ አንዱን መርጦ መጻፍና መካከል ላይ አለመቀያየር ነው ቁም ነገሩ። የእኛ አገር የራሱ ወጥመድ አለው። የላቦራቶሪው ማሽን በፈረንጅ ቀን ያትማል፤ ቀጠሮው በእኛ ይጻፋል፤ ጳጉሜ ስትገባ ደግሞ «በየወሩ» የተባለው ይዛባል። ስለዚህ በዕለት ስም ቁጠሩ። የእኛ ወጣት ማክሰኞ ነበር፦ ማክሰኞ ከሰዓት ደም፣ ማክሰኞ ማታ ውጤት፣ ረቡዕ ጠዋት የሳምንት መድኃኒት። ፋርማሲስቷ የዚያን ሳምንት ቁጥር በዓይኗ ሳታይ ክኒን አትሰጥም። ቁጣም ልመናም አይለውጣትም፤ እኔንም ጭምር አንድ ቀን መልሳኛለች።

ግንቦት ላይ፣ መርፌው ከቆመ ሁለት ወር ካለፈው በኋላ፣ ክሎዛፒኑ ተጀመረ። ለመርፌው ይህን ያህል የጠበቅነው፣ አንዴ ጡንቻ ውስጥ የገባ መድኃኒት ደሙ ሲወርድ ተመልሶ ስለማይወጣ ነው። ከቀድሞዎቹ መድኃኒቶች ጋር ይወስደው የነበረው አርቴንም በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወጣ። ምክንያቱን ሆዱ ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ። ከመጀመሪያዋ ክኒን በፊት ክብደቱ፣ ስኳሩ፣ ኢሲጂው፣ ትሮፖኒኑ፣ ሲአርፒው፣ የልብ ምቱና ሰገራ የሚወጣበት ልማድ ተመዘገበ። ምቱ 78፣ ሲአርፒው 3፣ ሰገራው በየቀኑ ጠዋት ነበር።

የመጀመሪያው መጠን 12.5 ሚሊግራም፣ ማለትም የባለ 25 ክኒን ግማሽ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እዚያው ጤና ጣቢያ ዋጠና እስከ 8 ሰዓት አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ በየሰዓቱ ተኝቶና ቆሞ የደም ግፊቱ፣ ምቱና ሙቀቱ ተለካ። ሁለተኛው ቀን ጠዋትና ማታ ግማሽ ግማሽ ወሰደ። ከዚያ በኋላ በየሁለት ቀኑ 25 ጨመርን። መመሪያዎች በየቀኑ ከ25 እስከ 50 እየጨመሩ በሁለት ሳምንት 300 መድረስን ይፈቅዳሉ። ታካሚው ከቤቱ እየተመላለሰ ከሆነ ግን በአራት ሳምንት ገደማ 300 መድረስ ይበቃል። ይህን የምለው ለእንቅልፉና ለግፊቱ ብቻ ብዬ አይደለም፤ በፍጥነት መጨመር ልቡንም ይጎዳል። ቫልፕሮኤት አብሮ የሚወስድ ከሆነ የልቡ አደጋ የበለጠ ስለሚጨምር ሐኪሙን ሳትጠይቁ አትጀምሩ። ዲያዜፓምም በእነዚህ ሳምንታት አብሮ ባይሰጥ ይመረጣል።

አሁን ሆዱ። ክሎዛፒን አንጀትን ያሰንፋል። በኒውዚላንድ ሲለካ፣ ምግብ በትልቁ አንጀት ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ በሌሎቹ ታካሚዎች አንድ ቀን ገደማ ሲሆን፣ በክሎዛፒን ተጠቃሚዎች ግን ከአራት ቀን በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ብዙ ሰው ስለ ደሙ ሲጨነቅ፣ በአንጀት መዘጋት የሚሞተው ታካሚ ግን ሳይታወቅ ያልፋል። አርቴን፣ አሚትሪፕቲሊንና ክሎርፕሮማዚን የአንጀቱን ስንፍና ያብሱታል። አርቴኑን ያወጣነው ለዚህ ነው። ክሎዛፒን በራሱ መንቀጥቀጥ ብዙም ስለማያመጣ አያስፈልገውም ነበር።

የሆድ ማለስለሻው ሆዱ እስኪደርቅ አይጠበቅም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮ ይሰጣል። ሴና ወይም ቢሳኮዲል ማታ ማታ፤ ለአንጀቱ ጉልበት የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ካስፈለገ ላክቱሎስ ወይም ማክሮጎል ይደረብበታል። ከፋርማሲ መደርደሪያ የሚገዛ የገለባ ዱቄት እና የእኛ ተልባ ግን ለዚህ አይነት ድርቀት አይሆኑም። ተልባ የሚሠራው ሰገራውን አብዝቶ ነው፤ አንጀቱ የማይገፋ ከሆነ የበዛው ሰገራ እዚያው ይከማቻል። ኮሶ ደግሞ በምንም መንገድ አይሞከር። በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ የሚውል ሰው ካለ፣ ማታ ምን ያህል እንደሚጠጣ አብራችሁት አስሉ።

ጥያቄያችሁ «ሆድህ እንዴት ነው?» ከሆነ መልሱ «ደህና» ነው። «መጨረሻ የወጣህ መቼ ነው? ምን ይመስል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። በአስራ አንደኛው ቀን እህቱ ደወለች፤ «ሲስተር፣ ሆዱ ደህና ሆኗል፤ እንዲያውም ተቅማጥ ይዞት ፋርማሲ ሎፔራሚድ ሰጥተውታል» አለችኝ። አምጪው አልኳት። ጥሩ ሰገራ ከወጣው አምስት ቀን አልፎታል፤ የሚፈሰው በደረቀው ጎን የሚያልፍ ውኃ ነበር። ሆዱ ለስላሳ ነው፤ አላስታወከም፤ አንጀቱም ይሰማል። በጣት ሲመረመር ግን ቀጥተኛ አንጀቱ በደረቅ ሰገራ ሞልቶ ነበር። ሎፔራሚዱ ወዲያው ተጣለ። በግሊሰሪንና በውኃ እጥበት ወጣለት፤ ቢሳኮዲሉ ከ5 ወደ 10 ሚሊግራም ከፍ አለ፤ ላክቱሎስ ተጨመረ። ሆዱ በየቀኑ መውጣት እስኪጀምር የክሎዛፒኑ መጠን ሳይጨመር ባለበት ቆየ። ከዚያ በኋላ እህቱ ከፍሪጅ ላይ የለጠፈችው የቀን መቁጠሪያ ነበረን። ሁለት ባዶ ቀን ከታየ ማለስለሻው ይጨመራል፤ ሦስት ባዶ ቀን ከታየ ሰውየው በአካል ይታያል። ሆዱ ከተነፋ፣ ካስታወከ፣ ሕመሙ ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ ወይም ደም ከታየ ክሎዛፒኑም ማለስለሻውም ቆሞ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይሄዳል። ታካሚው «አያመኝም» ቢል እንኳ ሆዱን ዳስሱት፤ እንዲህ ያለ ሕመም ላይ ሆኖ በዝምታ የሚቀመጥ አለ።

አስራ ሰባተኛው ቀን ላይ የደረሰው ነገር ከሁሉ የሚከብደው ነው። ማታ ትኩሳት ጀመረው፤ ቁርጥማትም አለው። ቤቱ አጠገብ ያለ ክሊኒክ የተለመደውን አደረጉለት፦ ታይፎይድና ታይፈስ ተመርምሮ «ታይፎይድ አለብህ» ተባለ፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ታዘዘለት። ሁለት ችግር እዚህ አለ። አንደኛው፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ክሎዛፒንን የሚሰብረውን የጉበት ኢንዛይም ስለሚያግድ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ትኩሳቱ ራሱም ያንኑ ያደርጋል። ሁለተኛውና ዋናው ግን ከአስረኛው እስከ ሠላሳኛው ቀን ባለው ጊዜ የሚመጣ ትኩሳት የልብ ጡንቻ መቆጣት ሊሆን መቻሉ ነው። ይህ በሽታ ሲጀምር ጉንፋን ይመስላል። ትኩሳት፣ ድካም፣ ፈጣን ምት፣ አንዳንዴ ተቅማጥ ይታያል፤ የደረት ሕመምና የትንፋሽ ማጠር የሚመጡት ዘግይተው ነው፤ በብዙዎቹ ጭራሽ አይመጡም። የአንድ ጊዜ የዊዳል ምርመራ ይህን አያስቀርም።

ፋርማሲስቷ ሲፕሮውን ልትሰጥ ስትል እህቱ በኪሷ የያዘችውን ካርድ አወጣችላት። ካርዱ ላይ «ክሎዛፒን እየወሰደ ነው፤ ትኩሳት ካለው በዚያው ቀን ሲቢሲ፣ ሲአርፒና ትሮፖኒን» የሚል ነበር። መጣልን። ሙቀቱ 38.1፣ ምቱ 116 ነው። እዚህ ላይ መነሻው ባይጻፍ ኖሮ 116 ብዙ ባላስደነገጠን፤ ክሎዛፒን የብዙ ሰው ምት ያፈጥናል። የእሱ መነሻ ግን 78 ነበር፤ በ38 ጨምሯል ማለት ነው። በአውስትራሊያ የተዘጋጀው የክትትል ዘዴ ምት ከመነሻው ከ30 በላይ ከጨመረ፣ ወይም 120 ካለፈ፣ ወይም ሲአርፒ 50 ካለፈ፣ ወይም ትሮፖኒን ጥቂትም ቢሆን ከፍ ካለ፣ ትሮፖኒንና ሲአርፒ በየቀኑ ይለካ ይላል። ትሮፖኒን ከላይኛው ወሰን ከእጥፍ በላይ ከሆነ ወይም ሲአርፒ 100 ካለፈ ክሎዛፒን በዚያው ሰዓት ይቆማል፤ ታካሚው ወደ ልብ ሐኪም ሄዶ ኢኮ ይነሳል። ምንም ምልክት ለሌለው ሰውም ሁለቱ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት በየሳምንቱ ይለካሉ።

በዚያ ቀን ኒውትሮፊሉ 2,900 ነበር፤ ስለዚህ ትኩሳቱ ከደም መውረድ አልመጣም። ሙቀቱ 38.5 ቢደርስ ኖሮ ቁጥሩ እስኪታወቅ ድረስ መድኃኒቱን እናቆም ነበር። ሲአርፒው 62፣ ትሮፖኒኑ ደህና፣ ኢሲጂው ከፍጥነቱ በቀር ደህና ነው። ሐኪሙ መጠኑ እንዳይጨመር አዘዙ፤ ሲፕሮው ቀረ። በማግስቱ ሲአርፒ 71 ሆነ፤ ያን ቀን ማናችንም አልተረጋጋንም። ከዚያ 48፣ ከዚያ 22። ትሮፖኒኑ አንድም ቀን አልተነቃነቀም፤ ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ለቀቀው። ክሎዛፒኑ ቀጠለ፤ ጭማሪው ግን በየአራት ቀኑ 25 ሆነ።

እዚህ ላይ ሳልሸሽግ የምናገረው ነገር አለ። ትሮፖኒን በየቀኑ የሚለካበት ቦታና የሚከፈልበት ገንዘብ ከሌለ «ነገ እናየዋለን» ማለት አይቻልም። እንዲህ ያለ ትኩሳትና ምት የያዘውን ሰው የዛሬውን ክኒን አስቀርታችሁ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ላኩት። ስትልኩም መጨረሻ የወሰደበትን ሰዓት ጻፉ፤ ምክንያቱም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ 48 ሰዓት ይቆጠራል። ከ48 ሰዓት በታች ከቀረበት በነበረበት መጠን ይመለሳል። ካለፈ ግን ሰውነቱ መልመዱን ይረሳል፤ በ300 ቢመለስ ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ፣ ትንፋሹም ሊቆም ይችላል።

የዚህች ሰዓት ዋጋ የታየው በነሐሴ፣ በፍልሰታ ነው። ወጣቱ 300 ላይ ነበር፤ ድምፆቹም ራቅ ብለውለት ነበር። ቤተሰቡ ለሱባኤ ጸበል ይዘውት ሄዱ፤ እዚያም መድኃኒቱን እንዲያቆም ተነገራቸው። ከጸበሉ ጋር ጠብ የለንም። በኤችአይቪ መድኃኒት ዘመን ቤተ ክርስቲያኗ ጸበልና ክኒን አብረው ይሄዳሉ ስትል ሰምተናል፤ ያንኑ ቀደም ብዬ ልነግራቸው ይገባ ነበር። ሰኞ እኩለ ቀን ላይ እህቱ ደወለች።

«ሲስተር፣ ተመልሰናል። ማታ ሦስቱንም ክኒን ልስጠው?»

«መጨረሻ የወሰደው መቼ ነው?»

«ዓርብ ማታ በሦስት ሰዓት።»

ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ቀትር 63 ሰዓት ነው። «ከባለ 25ቱ ቀሪ አለሽ?» አልኳት። አንድ ስትሪፕ ቀርቷታል። «ግማሹን ቆርጠሽ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይዘሽው ነይ፤ እዚህ ይውጠዋል። ደሙም ነገ ነው፤ ማክሰኞ አይደል።»